በየስድስት ወሩ ጉበትን ማየት፦ ማንን፣ በምን፣ ከዚያስ በኋላ?

ያንግትዜ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ አጠገብ ቺዶንግ የሚባል የቻይና አካባቢ አለ። ስለ ጉበት ካንሰር የሚያጠና ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ በሽታው በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነውና። እዚያ ከ1989 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በደማቸው ሄፓታይተስ ቢ የተገኘ 5,581 ወንዶች በዕጣ ከሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየስድስት ወሩ ደም እየሰጠ ኤኤፍፒ ይለካለት ጀመር። ኤኤፍፒ የጉበት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ሌላው ቡድን እንደ ወትሮው ኑሮውን ቀጠለ። ጥናቱ በ1995 ሲዘጋ፣ ክትትል ከነበራቸው መካከል ካንሰሩ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ሳለ የተገኘባቸው ከመቶ 30 ገደማ ሆኑ፤ ክትትል ካልነበራቸው ደግሞ ከመቶ 6 ብቻ። በጉበት ካንሰር የሞተው ሰው መጠን ግን በሁለቱም ቡድን ያው ነበር።

የዚህን ጥናት ቁጥሮች ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ በክትትል ዙሪያ የሚሰማው ብዙ ነገር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ አንድ ዓመት የቆዩት ክትትል ከነበራቸው ከመቶ 24 ገደማ፣ ካልነበራቸው ከመቶ 10 ገደማ ናቸው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ክትትሉ ዕድሜ ጨመረ ይላል። በአምስተኛው ዓመት ግን ሁለቱም ቡድኖች ከመቶ 4 ገደማ ላይ ተገናኙ። የጨመረው ዕድሜያቸው ሳይሆን በሽታቸውን አውቀው የኖሩበት ጊዜ ነበር። በሰኔ የሚሞት ሰው ካንሰሩን በዚያው ዓመት ጥር ላይ ቢያውቅ አምስት ወር ኖረ ይባላል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጥር ቢያውቅ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ኖረ ይባላል። የሞተበት ቀን ግን አልተነቃነቀም። በዚህ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ በሁለት ምርመራዎች መካከል ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ በክትትል የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፈጥኖ የሚያድገው ደግሞ በመካከል ገፍቶ ሰውየውን በሕመም ወደ ሐኪም ያመጣዋል። ስለዚህ በክትትል የተገኙት ከሌሎቹ የተሻለ ኖሩ የሚል ወሬ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መቆጠር ያለበት ሟች ነው።

በሟች ቁጥር የተገኘው ትልቁ ማስረጃ ከሻንጋይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 59 የሆነ፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ወይም ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የነበረባቸው 18,816 ሰዎች ተመዘገቡ። ለግማሾቹ በየስድስት ወሩ ኤኤፍፒ ከአልትራሳውንድ ጋር ተሰጠ። ከቀጠሯቸው የተገኙት ከመቶ 58 ያህል ብቻ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ በጉበት ካንሰር የሚሞተው ከሌላው ቡድን በ37 ከመቶ አነሰ። ውጤቱ በ2004 ሲታተም ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው አንድ ቁጥር ነው፦ ካንሰር ከተገኘባቸው መካከል ቀዶ ሕክምና የደረሰላቸው በክትትሉ ቡድን ከመቶ 46 ያህል ሲሆኑ በሌላው ከመቶ 8 እንኳ አልሞሉም።

ይህ ጥናት እንከን አለው። ዕጣው የወጣው በግለሰብ ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሌቱ ግን እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ዕጣ እንደወጣለት አድርጎ ሠርቷል፤ በዚህም ውጤቱ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ መስሏል የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ታዲያ ለምን አይደገምም? በአውስትራሊያ ተሞክሮ ነበር። ሲሮሲስ ካለባቸው፣ ማለትም ጉበታቸው በጠባሳ ተሞልቶ ከጠጠረባቸው ታማሚዎች መካከል ነገሩ በሚገባ ከተብራራላቸው በኋላ ዕጣ ለመግባት የፈቀደ የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኞቹ እኛስ ክትትሉን ነው የምንፈልገው አሉ። የዛሬው የሕክምና መመሪያ ሁሉ የቆመው እንግዲህ በዚህ አንድ እንከናም ጥናትና ዕጣ በሌላቸው ብዙ የተመላላሽ ታማሚ መዝገቦች ላይ ነው። እኔ ማስረጃውን እቀበለዋለሁ፤ ግን ከነቅድመ ሁኔታው።

ቅድመ ሁኔታው ምን እንደሆነ አላስካ ታሳያለች። የአላስካ ነባር ሕዝቦች ሄፓታይተስ ቢ በብዛት ነበረባቸው፤ የሚኖሩት ደግሞ መንገድ በማይደርስባቸው መንደሮች ነው። ከ1982 ጀምሮ 1,487 ሰዎች ለ16 ዓመታት በየስድስት ወሩ ደም እየሰጡ ኤኤፍፒ ተለካላቸው። ኤኤፍፒ ከፍ ያለበት ሰው ይጠራና አልትራሳውንድ ይታያል፤ ዕጢ ከተገኘ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ዕጢዎች ገና ሊወጡ በሚችሉበት ደረጃ ተገኙ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የኖሩም ነበሩ። ዕጣ ስላልነበረው ማስረጃው ከሻንጋዩ ይደክማል። ሆኖም ቺዶንግና አላስካ አንዱን የደም ምርመራ በአንድ ዓይነት የጊዜ ልዩነት ነው የተጠቀሙት። የተለያዩት ምርመራው ከፍ ብሎ ከተገኘ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው፤ በቺዶንግ ሞትን የሚቀንስ ሕክምና አልተከተለም።

ማን ይከታተል?

ሲሮሲስ ከምንም ይምጣ ከምን ለካንሰር ይዳርጋል። መጠጥ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ስብ የበዛበት ጉበት፣ ሁሉም እዚያው ያደርሳሉ፤ በእነዚህ ላይ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሲሮሲሱ ከመጣ በኋላ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ይህን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። ቫይረሱ የራሱን የዘር ቅጂ ቁራጭ በጉበት ሴሎች ዲኤንኤ ውስጥ ይሰካል፤ ስለዚህ ለስላሳና ጤነኛ የሚመስል ጉበት ላይም ካንሰር ሊበቅል ይችላል። ቢዝሊ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በታይዋን 22,707 ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታትሎ በ1981 ያሳተመው ጥናት ቫይረሱ ያለባቸው ከሌለባቸው ይልቅ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ200 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ። «ካሪየር ብቻ ነህ፣ ምንም የለብህም» ተብሎ የተሸኘ ሰው ይህን ቁጥር ማወቅ አለበት።

ይህ ማለት ግን ቫይረሱ ያለበት ሁሉ አልትራሳውንድ ቤት ይመላለስ ማለት አይደለም። ሐኪሞች የተስማሙበት መነሻ አለ፦ ሲሮሲስ ያለበት ሰው በዓመት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 1.5 ያህል ከደረሰ ክትትሉ ያዋጣል፤ ሲሮሲስ ለሌለው ባለ ሄፓታይተስ ቢ ግን ከሺህ ሁለት ይበቃል። መነሻው ለኋለኛው ዝቅ ያለው ጉበቱ ጤነኛ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናውን ስለሚችል፣ ከተረፈም ብዙ ዓመት ስለሚኖር ነው። በእስያ ይህ መነሻ ለወንዶች ከ40፣ ለሴቶች ከ50 ዓመት በኋላ ይታለፋል ተብሎ ይታሰባል። አፍሪካ የተወለዱ ሰዎች ከዚያ ቀደም ብለው እንዲጀምሩ የአሜሪካ የጉበት በሽታ ጥናት ማኅበር ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2017 የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ዘጠኝ የአፍሪካ አገሮችን ያካተተ ጥናት በግብፅ በሽታው ሲታወቅ የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 58 ሲሆን በሌሎቹ አገሮች 46 መሆኑን አገኘ። በግብፅ ዋናው ምክንያት ሄፓታይተስ ሲ ነው፤ በሌሎቹ ሄፓታይተስ ቢ። በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን ከቫይረሱ ጋር ሲደመር አደጋውን ያባዛዋል።

ለአንድ ግለሰብ ለመወሰን በሰፊው የሚሠራበት ፔጅ ቢ የሚባል ነጥብ አለ። የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ጾታና የፕሌትሌት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሦስቱም በየትኛውም ላቦራቶሪ ይገኛሉ። ዕድሜ ከ30 በታች ዜሮ ነው፤ ከ30 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሁለት ሁለት ነጥብ እየጨመረ በ70 ዓመት አሥር ይደርሳል። ወንድ መሆን ስድስት ነጥብ ነው። ፕሌትሌት 200,000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዜሮ፣ ከ100,000 እስከዚያ ድረስ ስድስት፣ ከ100,000 በታች ዘጠኝ። ፕሌትሌት እዚህ የገባው ጉበት ሲጠጥር ጣፊያ አብጦ ስለሚያስቀራቸው ነው፤ ቁጥራቸው ማነሱ ማንም ያላየውን ጠባሳ ይጠቁማል። ድምሩ እስከ 9 ከሆነ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰር የመያዙ ነገር እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ከ10 እስከ 17 መካከለኛ፤ 18 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ።

እንግዲህ የ43 ዓመት ወንድ ሹፌር እናስብ፤ ደም ሊለግስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ያወቀ፣ ፕሌትሌቱ 165,000 የሆነ። አራት ለዕድሜው፣ ስድስት ለወንድነቱ፣ ስድስት ለፕሌትሌቱ፣ ድምር 16። ክትትል ያስፈልገዋል። የ28 ዓመት እህቱ ቫይረሱ ቢኖርባትና ፕሌትሌቷ 240,000 ቢሆን ነጥቧ ዜሮ ነው። ነገር ግን አባታቸው በ45 ዓመቱ በጉበት ካንሰር ሞቶ ከሆነ ነጥቡ ይህን አይቆጥርም። የወላጅ ወይም የወንድም እህት ታሪክ ብቻውን ለክትትል ያበቃል፤ ሄፓታይተስ ዲ ከቢ ጋር ተደርቦ መገኘቱም እንዲሁ። በዚህ ላይ ነጥቡ የተሠራው መድኃኒት በጀመሩ አውሮፓውያን ላይ ነው። በወጣትነት የሚመጣውን የአፍሪካ ካንሰር ለመያዝ አልተሠራም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ሐበሻ ሐኪሙ ነጥቡን አስልቶ አነስተኛ ነው ካለው፣ የት እንደተወለደና ከቤተሰቡ ማን በጉበት እንደሞተ ሐኪሙ የግድ ይወቅ። ብዙ ቤት ውስጥ «በሆድ ዕቃ በሽታ ሞተ» ወይም «የወፍ በሽታ ገደለው» ተብሎ የታለፈ ሞት ምናልባት ይኸው ነው፤ ስለዚህ ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ በጥቂት ወር ከስቶ ያለፈ ዘመድ ካለ ሁኔታው እንዳለ ይነገር።

አልጋው ላይ

የሆድ አልትራሳውንድ ከጨረር ነጻ ነው፣ አያምም፣ በሩብ ሰዓት ይጠናቀቃል። ጥራቱ ግን በሠሪው እጅና በታማሚው አካል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ጾሞ መምጣት ግድ ነው፤ ምግብ ከተበላ አንጀት ውስጥ ያለው አየር ምስሉን ይጋርዳል። ጉበት የጎድን አጥንት ሥር የተደበቀ አካል ስለሆነ መሣሪያው በአጥንቶቹ መካከል በተራ መግባት አለበት። ከሁሉ የሚያስቸግረው ከድያፍራም ሥር ያለው የጉበት ጉልላት ነው፤ ሳምባ ይሸፍነዋል። ጎበዝ ባለሙያ ታማሚውን በግራ ጎኑ አስተኝቶ፣ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አስነሥቶ፣ አየር በኃይል ስቦ እንዲይዝ ያዘዋል፤ ያን ጊዜ ጉበት ወደ ታች ይወርድና ጉልላቱ ይታያል። ታማሚው ጀርባው ላይ እንደተኛ ሳይገላበጥ፣ ትንፋሽ ያዝ ሳይባል በሁለት ደቂቃ ያለቀ ምርመራ ለዚህ ዓላማ አልተሠራም ብዬ እወስደዋለሁ።

ሪፖርቱም ይመሰክራል። «ጉበት ኖርማል ነው» የሚል አንድ መስመር ለክትትል አይበቃም። ጥሩ ሪፖርት የጉበቱ ገጽታ ለስላሳ ወይም ጎርባጣ መሆኑን፣ ዕጢ መሰል ነገር ካለ መጠኑን በሚሊ ሜትርና ቦታውን፣ ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚወስደው ፖርታል የሚባለው ትልቁ ደም ሥር ክፍት መሆኑን፣ የጣፊያውን ርዝመትና ሆድ ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩን ይጽፋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ያልታየውን ያሳውቃል። አሜሪካኖች ለዚህ ከኤ እስከ ሲ ያለ ደረጃ አውጥተዋል፤ ሲ ማለት ጉበቱ በበቂ አልታየም ማለት ነው። ሲሮሲስ ባለባቸው፣ በተለይም በወፈሩ ሰዎች ላይ ይህ የተለመደ ነገር ነው። ሲ ደረጃ የተሰጠው ምርመራ ዕጢ አላገኘም ማለት ዕጢ የለም ማለት አይደለምና፣ አቅሙ ያለበት ቦታ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።

አልትራሳውንድ በተሻለ እጅም ቢሆን ያመልጠዋል። በ2018 የታተመ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ትንተና፣ ሲሮሲስ ባለባቸው ሰዎች አልትራሳውንድ ብቻውን ገና በመጀመሪያ ደረጃ ካለ ካንሰር ውስጥ የሚያገኘው ከመቶ 47 ያህሉን እንደሆነ፣ ኤኤፍፒ ሲጨመርበት ወደ 63 ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ከግማሽ በታች መሆኑ ያስደነግጣል። ስለዚህ ነው ሁለቱ አንድ ላይ እንዲሠሩ የአሜሪካው ማኅበር በ2023 ያጸናው።

ኤኤፍፒን ማንበብ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ20 በላይ የሆነውን በቀይ ያትማሉ፤ ሰውም ያን ቀይ አይቶ እንቅልፍ ያጣል። ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበትን ሲያቃጥል ኤኤፍፒ ያለ ካንሰር ይወጣል፤ እርግዝናም ያወጣዋል። በተቃራኒው ብዙ ትናንሽ ዕጢዎች ጨርሶ አያመነጩትም። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይናገራል፦ ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም 180 ሲሆን ኤኤፍፒ 60 ቢሆን፣ ቴኖፎቪር የተባለው የቫይረሱ መድኃኒት ተጀምሮ ኤኤልቲው ሲወርድ ኤኤፍፒውም አብሮ ከወረደ ምንጩ ቃጠሎው ነበር። ኤኤልቲው ሰላም ሆኖ ኤኤፍፒው ከምርመራ ወደ ምርመራ የሚወጣ ከሆነ ግን አልትራሳውንዱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሲቲ ይታዘዛል። የተጨማሪ ምርመራው ዋጋም ይቆጠር። በአሜሪካ ሲሮሲስ ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከአንድ አራተኛ የሚበልጡት ካንሰር ባልነበረ ግኝት ሳቢያ ለተደጋጋሚ ሲቲና ኤምአርአይ፣ ጥቂቶቹም ለናሙና መርፌ ተዳርገዋል።

የሹፌሩ ዕጢ

ወደ 43 ዓመቱ ሹፌር እንመለስ። የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ነው፣ ኤኤፍፒው 6። በስድስተኛው ወርም ያው፣ 7። በአሥራ ሁለተኛው ወር ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ስለነበር ቀረ። በአሥራ ስምንተኛው ወር ሲመጣ አልትራሳውንዱ በቀኝ በኩል ጠቆር ያለ የ1.8 ሳንቲ ሜትር ዕጢ አየ፤ ኤኤፍፒው 28፣ ኤኤልቲው 34። ቃጠሎ የለም፤ ስለዚህ ኤኤፍፒው በቃጠሎ አይመካኝም።

ዕጢው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ቢያንስ ኖሮ ከሦስት ወር በኋላ መልሶ ማየት ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው አብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ቢሆንም ለማረጋገጥ ያስቸግራል። አንድ ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን በመድኃኒት የሚነሣ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል፤ ያውም በየምዕራፉ የተነሣ። መድኃኒቱ ክንድ ላይ ከገባ በኋላ በሠላሳ አምስት ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ፣ በሰባ ሰከንድ ገደማ ሌላ ጊዜ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጤነኛ ጉበት ሦስት አራተኛ ያህሉን ደሙን የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ፖርታል ደም ሥር ነው፤ ካንሰሩ ግን ከልብ በሚመጣው አርተሪ ይመገባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምስል ዕጢው ከዙሪያው ነጥቶ ይበራል፤ በኋላ በሚነሡት ምስሎች ዙሪያው ሲነጣ እሱ ይጠቁራል። ሁለቱም ከታዩ ሲሮሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው የጉበት ካንሰር ተብሎ ያለ ናሙና መርፌ ይወሰናል። በየትኛውም ሌላ ካንሰር ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ውሳኔ ያለ ናሙና አይሰጥም። ሲቲው በአንድ ምዕራፍ ብቻ ከተነሣ ግን ገንዘቡ ባከነ፤ ታማሚው በማዘዣው ላይ «የጉበት፣ በሦስት ምዕራፍ» የሚል መጻፉን አይቶ ቢሄድ አይከፋም።

የሹፌሩ ዕጢ አንድ ብቻ ነው፣ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በታች፣ ደም ሥር አልነካም። ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ በመርፌ በሚገባ ሙቀት ማቃጠልም ይቻላል። ማቃጠሉ በሚገባ የሚሠራው እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። ንቅለ ተከላ ባለበት አገር ደግሞ በ1996 በሚላን የወጣው መለኪያ አንድ ዕጢ እስከ 5፣ ወይም ሦስት ዕጢዎች እያንዳንዳቸው እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይፈቅዳል። እነዚህ ድንበሮች ለምን ስድስት ወር ተባለ የሚለውን ይመልሳሉ። የጉበት ካንሰር ይዘቱ እጥፍ የሚሆነው በመካከለኛ ግምት ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። በአምስት ወር እጥፍ የሚሆን ዕጢ 1.8 ላይ ሳይታይ ቢያልፍ ከስድስት ወር በኋላ 2.4 ገደማ ይሆናል፤ አሁንም ይቃጠላል። ከዓመት በኋላ ግን 3.1 ደርሶ ድንበሩን ያልፋል። በሦስት ወር እጥፍ የሚሆን ክፉ ዕጢ ከሆነ በስድስት ወር 2.9፣ በዓመት 4.5። ስድስት ወር የተመረጠው በዕጢው ፍጥነት እንጂ በታማሚው የአደጋ መጠን አይደለም፤ ስለዚህ «የእኔ አደጋ ትንሽ ነው፣ በዓመት አንዴ ይበቃኛል» የሚለው ስሌት አይሠራም። ወይ ክትትሉ ያስፈልጋል፣ ያኔ በስድስት ወር ነው፤ ወይ አያስፈልግም። ወደ ሦስት ወር ማቅረብስ? ፈረንሳዮች ሲሮሲስ ባለባቸው ከ1,200 በላይ ሰዎች ላይ ሞክረውታል። ካንሰር ያልሆኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በዙ፤ ሕይወት ግን አልተጨመረም።

እዚህ ላይ ሹፌሩ የት እንደሚኖር ዕጣውን ይወስናል። በቴል አቪቭ ወይም በዋሽንግተን ቢሆን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጉበት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። በኢትዮጵያ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ምዕራፍ የለየ ሲቲ ማግኘት ራሱ ጉዞ ይጠይቃል፤ ጉበት የሚቆርጥ እጅ ደግሞ ጥቂት ነው። ከላይ የጠቀስኩት የአፍሪካ ጥናት በግብፅ የታማሚዎቹ መካከለኛ የሕይወት ዘመን 10.9 ወር ሲሆን በሌሎቹ አገሮች 2.5 ወር ብቻ መሆኑን መዝግቧል። ብዙዎቹ የሚመጡት ሆዳቸው ካበጠ በኋላ ነው። በዚህ ሁኔታ ሺዎችን ለኤኤፍፒ መጥራት ቺዶንግን መድገም ይሆናል የሚል ስጋት አለኝ።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ቴኖፎቪር፤ ካንሰሩን ባያስቀረውም አደጋውን በብዙ ይቀንሳል፣ ጉበቱም አገግሞ ቀዶ ሕክምናን እንዲችል ያደርገዋል። አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም በአፍሪካ ከሰሐራ በታች ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ በቀላል መሣሪያና በመደበኛ ክሊኒክ ሕክምናው መሰጠት እንደሚችል አሳይቷል። ቀጥሎ ክትትል፣ ግን ጠበብ አድርጎ፦ ሲሮሲስ ያላቸው ሆኖም ጉበታቸው ገና የሚሠራ፣ ከ40 ያለፉ ወንዶች፣ የቤተሰብ ታሪክ ያላቸው። ሆድ ውስጥ ውሃ የሞላበት፣ አእምሮው የሚደናገር፣ ጉበቱ የደከመ ሰው ንቅለ ተከላ በሌለበት ቦታ ክትትሉ አይጠቅመውም፤ ዕጢ ቢገኝበት እንኳ ሕክምናውን አይችልምና ቀጠሮውን ማቆም ይሻላል።

በአገር ውስጥ ሰዎች ቫይረሱ እንዳለባቸው የሚያውቁበት መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሕክምና ውጭ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰው የሚያደርገው «ሜዲካል» ሄፓታይተስ ቢን ይፈትሻል፤ የተገኘበት ሰው ወድቋል ይባልና ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያ ወረቀት ለብዙ ወጣቶች ስለ ጉበታቸው የደረሳቸው ብቸኛው ዜና ነው። ከፕሌትሌት፣ ከኤኤልቲና ከአንድ አልትራሳውንድ ጋር ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ ግን ፔጅ ቢን ለማስላትና ሲሮሲስ መኖር አለመኖሩን ለመጠርጠር ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከዓመታት ሕክምና በኋላ ይነሣል። በጥቂቶች የቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን ከደም ይጠፋል፤ ሐኪሙም «ድነሃል» ሊል ይችላል። ሲሮሲስ ካለ፣ ወይም ፕሮቲኑ የጠፋው ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ከሆነ፣ አደጋው ቢቀንስም ስለማያልቅ የስድስት ወሩ ቀጠሮ ይቀጥላል፤ በጉበት ሴሎች ውስጥ የተሰካው ቁራጭ ከደም ከጠፋው ፕሮቲን ጋር አብሮ አይጠፋምና።